ሁለቱ አራሚዎች

ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ በ1953 የዲኤንኤን ቅርጽ ሲገልጹ ሕይወት ራሷን እንዴት እንደምትገለብጥ የሚናገር መልስ አብሮ የመጣ መሰለ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለት ክሮች ተጠማዝዘው ይኖራሉ። በአንዱ ክር ላይ አዴኒን ባለበት በሌላው ቲሚን ይቆማል፤ ጓኒን ባለበት ደግሞ ሳይቶሲን። ክሮቹ ሲላቀቁ እያንዳንዱ ለአዲስ ጓደኛ መነሻ ይሆናል። ከዚህ በላይ ቀላል ነገር ያለ አይመስልም ነበር።

ችግሩ የሚጀምረው ጥንዶቹን የሚያያይዘው ትስስር ደካማ በመሆኑ ነው። ጓኒን ትንሽ ጠመም ብሎ ከቲሚን ጋር መግጠም ይችላል፤ ይህ ጥንድ የተዛነፈ ቢሆንም ከትክክለኛው ጥንድ ጋር ያለው የጥንካሬ ልዩነት ጥቂት ነው። ምርጫው ለዚያ ልዩነት ብቻ ቢተው ኖሮ ከመቶ ፊደል ቢያንስ አንዱ በስህተት ይገባ ነበር። በአንጀታችን የምትኖረው ኢ. ኮላይ የተባለችው ባክቴሪያ 4.6 ሚሊዮን ፊደል አላት፤ በዚህ ሒሳብ በእያንዳንዱ ቅጂ ከ40 ሺህ በላይ ስህተት ይደርስባት ነበር ማለት ነው። እውነታው ግን ሙሉ ዲኤንኤዋ ብዙ መቶ ጊዜ ተገልብጦ አንድ ስህተት ቢገኝ ነው። ይህ ሰፊ ልዩነት በምን እንደሚሞላ ለማወቅ አርባ ዓመት ያህል ፈጀ።

የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው እንደ ቆሻሻ ተቆጥሮ ነው። አርተር ኮርንበርግ በሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከኢ. ኮላይ ጭማቂ ውስጥ ዲኤንኤ የሚገነባ ኢንዛይም በ1956 አገኘ። ስሙን ፖሊመሬዝ አሉት። ኢንዛይሙ አሮጌውን ክር እያነበበ በአዲሱ ክር ጫፍ ላይ ተስማሚውን ፊደል አንድ በአንድ ይቀጥላል። ግኝቱ በ1959 የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። ሆኖም ከኢንዛይሙ ጋር የማይለይ አንድ የሚያናድድ ነገር ነበር፤ ዲኤንኤን ከጫፉ ጀምሮ አንድ በአንድ የሚነቅል ኃይል። ገንቢ ኢንዛይም ለማጥራት ለሚደክም ሰው አፍራሽ የሆነ ነገር አብሮ መገኘቱ ከሌላ ፕሮቲን የተቀላቀለ እድፍ እንጂ ሌላ አይመስለውም። ስለዚህ አጣሩት፣ ደጋግመውም አጣሩት። ፖሊመሬዙ እየጠራ በሄደ ቁጥር ነቃዩም አብሮ ጠራ። በ1964 ሮበርት ሌማንና ቻርልስ ሪቻርድሰን ነቃዩ የፖሊመሬዙ የራሱ አካል መሆኑን አሳዩ። አንድ ፕሮቲን ወደ ፊት ይገነባል፣ ወደ ኋላ ያፈርሳል። ለምን እንደሚያፈርስ ግን ገና ግልጽ አልነበረም።

መልሱ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ፣ ቲ-4 ከተባለው ባክቴሪያን ከሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ የራሱ ፖሊመሬዝ አለው፤ መመሪያውም ጂን 43 በተባለው ጂን ላይ ተጽፏል። ጆሴፍ ስፓየር በ1965 አንድ አስገራሚ ነገር ዘገበ፦ በዚህ ጂን ላይ የተበላሸ ቫይረስ በሌሎች ጂኖቹ ሁሉ ላይ ሚውቴሽን ያበዛል። ስለዚህ ትክክለኛው ፊደል የሚገባው ፊደሎቹ በራሳቸው ስለሚገጥሙ ብቻ አይደለም፤ ኢንዛይሙም ይመርጣል ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ጆን ድሬክና ባልደረቦቹ የባሰ እንቆቅልሽ አመጡ፤ በዚያው ጂን ላይ አንዳንድ ለውጥ ያደረጉ ቫይረሶች ከተለመደው ቫይረስ ያነሰ ይሳሳታሉ። ተፈጥሮ ከዚህ የተሻለ ጥንቃቄ በእጇ ካለ ለምን አልተጠቀመችበትም?

በ1972 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሞሪስ ቤስማን ቡድን ለሁለቱም ጥያቄ በአንድ መለኪያ መልስ ሰጠ። የየቫይረሱን ፖሊመሬዝ አጥርተው ምን ያህል ፊደል እንደሚያስገባና ምን ያህሉን መልሶ እንደሚነቅል ቆጠሩ። ስህተት የሚያበዛው ፖሊመሬዝ ከሚያስገባው ሲነጻጸር የሚነቅለው ጥቂት ነው። ስህተት የሚያሳንሰው ደግሞ አለቅጥ ይነቅላል፤ የተሳሳተውን ብቻ ሳይሆን በትክክል የገባውንም እያነሳ ይጥላል። ጥንቃቄ ዋጋ አለው ማለት ነው፤ የሚከፈለውም በጊዜና ለእያንዳንዱ ፊደል ግዥ በሚጠፋው ኃይል ነው። ተለምዷዊው ቫይረስ በመካከል የቆመ፣ አቅሙ የፈቀደውን ያህል የሚጠነቀቅ ነው።

በዚያው ዓመት ኮርንበርግ ከተማሪው ከዳግላስ ብሩትላግ ጋር፣ ያኔ ወደ ስታንፎርድ ተዛውሮ ነበር፣ ነገሩን በቀጥታ ፈተነው። ሆን ብለው መጨረሻው ላይ የማይገጥም ፊደል ያለበት ክር ሠሩ፤ መጨረሻዋ ፊደል እንድትታወቅ ምልክት አደረጉባት። ከዚያ ፖሊመሬዙንና ለግንባታ የሚያስፈልገውን ሁሉ ጨመሩ። ኢንዛይሙ በተዛነፈው ጫፍ ላይ ግንባታ አልቀጠለም። መጀመሪያ ምልክት ያለባትን ፊደል ነቅሎ ጣለ፤ ግንባታውን ቀጥሎ ጀመረ። ጫፉ በትክክል የገጠመ ሲሆንና የሚቀጥለው ፊደል በእጁ ሲኖር ግን ያንኑ ፊደል ሳይነካው አልፎት ሄደ። አሥር ዓመት ሊያስወግዱት የደከሙት «እድፍ» አራሚ ሆኖ ተገኘ።

ይህ እርማት በጊዜ ላይ የቆመ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ኢንዛይሙ ፊደል አይቶ አይፈርድም። ጫፉ በትክክል ከገጠመ የሚቀጥለው ፊደል ከሰከንድ በጣም ባነሰ ጊዜ ይገባል፤ የመንቀያው ክፍል ዕድል አያገኝም። ጫፉ ከተዛነፈ ግን ቀጣዩን ፊደል ማስገባት ይከብዳል፣ ሥራው ይቆማል፣ ጫፉም ከአሮጌው ክር ይላቀቃል። በዚያ ፋታ ውስጥ ጫፉ ወደ መንቀያው ይሻገራል። ቶማስ ስታይትዝና ባልደረቦቹ በ1985 የኮርንበርግን ፖሊመሬዝ ቁራጭ ቅርጽ በኤክስሬይ ካወጡ በኋላ በተከታታይ ባደረጉት ጥናት መገንቢያውና መንቀያው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ በ3 ናኖሜትር ያህል ተራርቀው እንደሚገኙ ታየ። ስለዚህ የእርማቱ ደካማ ጎንም ከዚሁ ይወለዳል፦ ስህተቷ ጫፍ ላይ ሳለች ካልተያዘችና ሁለት ሦስት ፊደል ከተደረበባት ይህ አራሚ ወደ ኋላ ተመልሶ አያያትም።

እዚህ ላይ ታሪኩ አንድ ጊዜ መታጠፍ አለበት። በ1969 ፓውላ ደ ሉቺያና ጆን ኬርንስ በሺህ የሚቆጠሩ የባክቴሪያ መንጋዎችን አንድ በአንድ ፈትሸው የኮርንበርግ ፖሊመሬዝ የሌላት አንዲት ኢ. ኮላይ አገኙ። ባክቴሪያዋ ግን ትባዛለች፤ ዲኤንኤዋም ይገለበጣል። የኖቤል ሽልማት የተሰጠበት ኢንዛይም ዋናው ገልባጭ አልነበረም። እውነተኛውን ገልባጭ፣ ፖሊመሬዝ ሦስትን፣ ካገኙት መካከል የኮርንበርግ ልጅ ቶማስ ይገኝበታል። በዚህ ትልቅ ኢንዛይም ውስጥ ግንባታና ነቀላ በሁለት የተለያዩ ፕሮቲኖች ተከፋፍለዋል። በ1974 ዴግነንና ኤድዋርድ ኮክስ ሙት-ዲ ብለው የሰየሟት ሚውቴሽን የምታበዛ ባክቴሪያ በ1983 ምስጢሯ ተፈታ። በበርክሌይ የሃሪሰን ኤኮልስ ቡድን የተበላሸባት ፕሮቲን የፖሊመሬዝ ሦስት ነቃይ ክፍል መሆኑን አሳየ። ሙት-ዲ በጣም የታወቀችው ሙት-ዲ-5 በተባለው ዝርያዋ ነው፤ ስሟን ያዙልኝ፣ ዋናው ነገር የሚፈታው በእሷ ነው።

ሁለተኛው አራሚ የተገኘው በሌላ መንገድ፣ ብዙውን ጊዜም የመጀመሪያውን በማያውቁ ሰዎች እጅ ነው። በ1964 ሮቢን ሆሊዴይ ስለ ፈንገሶች የዘር ቅልቅል ሲያስብ፣ የተለያዩ ክሮች ሲገናኙ የሚፈጠረውን የተዛነፈ ጥንድ የሚጠግን ነገር መኖር አለበት ሲል ገመተ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሚውቴሽን የሚያበዙ ሌሎች ኢ. ኮላይዎች ተራ በተራ ተገኙ፤ የተበላሹባቸው ጂኖች ሙት-ኤስ፣ ሙት-ኤልና ሙት-ኤች ተባሉ። የሚገርመው እነዚህ ባክቴሪያዎች ፖሊመሬዛቸው ደህና ነው። ታዲያ ስህተቱ ከየት መጣ?

በሃርቫርድ የማቲው ሜስልሰን ቡድን በ1975 ጥገናውን በዓይን የሚታይ አደረገው። የሁለት የተለያዩ ቫይረሶችን ክር አንድ ላይ አጣምረው፣ አንዳንድ ቦታ የማይገጥሙ ጥንዶች ያሉበትን ዲኤንኤ ወደ ባክቴሪያ አስገቡ። የሚወለዱት ቫይረሶች ዲኤንኤው ከመገልበጡ በፊት አንዱ ክር በሌላው ልክ መታረሙን መሰከሩ። ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። ጓኒንና ቲሚን ተዛንፈው ተያይተው ቆመዋል እንበል። የትኛው ነው ስህተቱ? ሁለቱም ደህና ፊደሎች ናቸው። ጠጋኙ በግምት ቢሠራ ግማሹን ጊዜ ትክክለኛውን ፊደል ነቅሎ ስህተቱን ያጸናዋል፤ ከዚያ በኋላ ያ ስህተት ለዘለዓለም ነው።

አንድ ቁም ጸሐፊ ሁለት ብራና ጎን ለጎን ዘርግቶ ልዩነት ቢያገኝ፣ የትኛው ምንጭ የትኛው ቅጂ እንደሆነ የሚነግረው ቀለሙ ነው፤ ገና ያልደረቀው አዲሱ ነው። ሮበርት ዋግነርና ሜስልሰን በ1976 ባክቴሪያም እንዲህ ያለ ምልክት እንዳላት ሐሳብ አቀረቡ። ኢ. ኮላይ ጓኒን፣ አዴኒን፣ ቲሚን፣ ሳይቶሲን በዚህ ቅደም ተከተል በተጻፉበት ቦታ ሁሉ አዴኒኑ ላይ ሜቲል የምትባል ትንሽ ኬሚካዊ ምልክት ታስቀምጣለች። ይህ ባለአራት ፊደል ቃል በአማካይ በየ256 ፊደሉ ይገኛል። ምልክቱን የሚያደርገው ዳም የተባለ ኢንዛይም ከፖሊመሬዙ ኋላ ኋላ ስለሚሄድ፣ አዲሱ ክር ከተሠራ በኋላ ለአጭር ጊዜ ምልክት የሌለው ሆኖ ይቆያል። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ምልክት ያለው ክር አሮጌው፣ የሌለው አዲሱ መሆኑ ይታወቃል።

ይህ ሐሳብ ሊፈተን የሚችል ነበር። ዳም የሌላት ባክቴሪያ አሮጌውን ከአዲሱ መለየት ስለማትችል መሳሳት አለባት፤ እርግጥም ሚውቴሽን ታበዛለች። ከዚያ የበለጠ ግን ባሪ ግሊክማንና ሚሮስላቭ ራድማን በ1980 ያሳዩት ይደንቃል። ዳም የሌላትን ባክቴሪያ የተዛነፈ ጥንድ በሚያበዛ ኬሚካል ቢመግቧት ትሞታለች። የተረፉት ጥቂቶች ሲመረመሩ ሙት-ኤስ፣ ሙት-ኤል ወይም ሙት-ኤች ተበላሽቶባቸው ተገኙ። ነገሩ ግልጽ ሆነ፦ አሮጌና አዲሱን መለየት ያቃተው ጠጋኝ ሁለቱንም ክሮች እየቆረጠ ባክቴሪያዋን ይገድላታል። በዚህ ሁኔታ ጠጋኙ ባይኖር ይሻላል።

ቀሪው ሥራ ኬሚስት ይፈልግ ነበር። ከኒው ሜክሲኮ የመጣው ፖል ሞድሪች በዱክ ዩኒቨርሲቲ በሌላ ነገር የታወቀ ነበር፤ የተወሰነ የፊደል ቅደም ተከተል ሲያገኝ ብቻ ዲኤንኤን የሚቆርጥ ኢኮ-አር-አንድ የተባለ ኢንዛይም ያጠና ነበር። ይህን ዕውቀቱን ለጥገናው መመርመሪያ አዋለው። የማይገጥመውን ጥንድ በኢኮ-አር-አንድ መቁረጫ ቦታ መሐል አኖረው። ጥንዱ ተዛንፎ እስከቆየ ድረስ ኢንዛይሙ ቦታውን አያውቀውም፤ ዲኤንኤው ሳይቆረጥ ይቀራል። ጥገናው በትክክለኛው ክር ላይ ከተደረገ ቦታው ይመለሳል፣ ኢንዛይሙም ይቆርጣል። የተቆረጠና ያልተቆረጠ ዲኤንኤ በጄል ላይ በቀላሉ ይለያል። በ1983 ከባክቴሪያ በተወሰደ ጭማቂ፣ ያለ ሕያው ሴል፣ በሙከራ ቱቦ ውስጥ ጥገናው ሜቲሉን እየተከተለ ሲካሄድ አሳየ።

ከዚያ ስድስት ዓመት አለፈ፤ ጭማቂውን በንጹሕ ፕሮቲኖች የመተካት አድካሚ ሥራ ነበር። በ1989 ተሳካ። ሙት-ኤስ የተዛነፈውን ጥንድ ዳስሶ ይይዛል። ሙት-ኤል ይመጣና ከእሱ ጋር ይያያዛል፤ ሁለቱ በአንድነት ሙት-ኤችን ይቀሰቅሳሉ። ሙት-ኤች በአቅራቢያው ባለው ባለአራት ፊደል ቃል ላይ ሜቲል የሌለውን ክር ብቻ ይቆርጣል። የተቆረጠበት ቦታ ከስህተቱ ሺህ ፊደል ያህል ሊርቅ ይችላል። ሄሊኬዝ የተባለው ኢንዛይም ክሩን ይፈታዋል፣ ነቃዮች ከቁርጡ ጀምረው ስህተቱን እስኪያልፉ ይበሉታል፤ ፖሊመሬዝ ሦስት ክፍተቱን ዳግም ይሞላል፣ ሊጌዝ ይሰፋዋል። ለአንድ ፊደል ሲባል አንድ ሺህ ፊደል ተነቅሎ ይጣላል። ይህን የሚያህል ብክነት ለመክፈል መስማማቷ ባክቴሪያዋ ስህተትን ምን ያህል እንደምትፈራ ይነግረናል።

አሁን ሁለት አራሚዎች ታወቁ። የመጀመሪያው ገልባጩ ላይ ተቀምጦ ጫፉን ያያል፤ ሁለተኛው ከኋላ እየሄደ ያለፈውን ይፈትሻል። እያንዳንዱ ለብቻው ምን ያህል ይሠራል፣ አንድ ላይስ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የተሻለው ሰው ከፓሪሱ ራድማን ጋር የተባበረውና በሰሜን ካሮላይና በአሜሪካ ብሔራዊ የአካባቢ ጤና ተቋም የሚሠራው ሮል ሻፐር ነበር።

ዘዴው ቀላል ነው፤ አንዱን አራሚ አጥፉና ስህተት ቁጠሩ። ስህተት ለመቁጠር የሚመቸው ሪፋምፒሲን የተባለው መድኃኒት ነው፤ ለሳንባ ነቀርሳ ስለሚሰጥ ብዙዎቻችን ስሙን እናውቀዋለን። በመድኃኒቱ በተሸፈነ ሳህን ላይ መቶ ሚሊዮን ባክቴሪያ ቢዘራ የሚበቅሉት በአጋጣሚ አንድ ሁነኛ ፊደል የተለወጠባቸው ብቻ ናቸው፤ ከጤነኛ ዝርያ ጥቂት ብቻ ይበቅላሉ። ሙት-ኤል ከጠፋባት ባክቴሪያ ከዚያ መቶ እጥፍ ያህል ይበቅላል። ስለዚህ ሁለተኛው አራሚ ብቻውን ከመቶ ስህተት ዘጠና ዘጠኝ ያህሉን ይይዛል ማለት ነው።

የመጀመሪያው አራሚ የጠፋባት ሙት-ዲ-5 ግን ሒሳቡን አፋለሰችው። እርማቱ ከመቶ እጥፍ ብዙም የማይበልጥ ሥራ እንደሚሠራ ከሌላ መንገድ ይገመት ነበር። ሙት-ዲ-5 በምቹ ምግብ ላይ ስታድግ ግን ስህተቷ በሺዎች፣ አንዳንዴም በአሥር ሺህ እጥፍ ይጨምራል። በደካማ ምግብ ላይ ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ይሆናል። አንድ ብልሽት እንዴት በሚበሉት ምግብ ይለዋወጣል? ሻፐርና ራድማን በ1988 እና በ1989 ያወጡት መልስ እንዲህ ነው። የተዛነፈ ጥንድ ያለበትን ዲኤንኤ በሙት-ዲ-5 ውስጥ አስገብተው ሲያዩ፣ በምቹ ምግብ ላይ እየተራባች ሳለ ባክቴሪያዋ ጥገናም አታደርግም። ሙት-ኤስ፣ ሙት-ኤልና ሙት-ኤች ግን ጤነኛ ናቸው። ዲኤንኤ መገልበጥ ሲቆም ጥገናዋ ይመለሳል። የሙት-ኤች ወይም የሙት-ኤል ጂን ተጨማሪ ቅጂ ቢሰጧትም ስህተቷ ይቀንሳል።

ስለዚህ ሁለተኛው አራሚ አልተበላሸም፤ ሥራ በዝቶበት ነው። የመጀመሪያው አራሚ በሌለበት የሚያልፉት ስህተቶች በጣም ይበዛሉ፣ እያንዳንዱም ጥገና ሺህ ፊደል ያህል ነቅሎ የመሙላት ሥራ ነው፤ በጣት የሚቆጠሩት ጠጋኝ ፕሮቲኖች አይዳረሱም። በምቹ ምግብ ላይ ባክቴሪያዋ አንዱን ግልበጣ ሳትጨርስ ሌላውን ስለምትጀምር ችግሩ ይባስ ይከብዳል። ለእኔ የዚህ ታሪክ ዋናው ፍሬ ይህ ነው። መማሪያ መጻሕፍት ሁለቱን አራሚዎች እንደ ሁለት ተከታታይ ማጣሪያ አድርገው የአንዱን ውጤት በሌላው ያባዛሉ። ማባዛቱ ትክክል የሚሆነው ሁለተኛው ማጣሪያ የሚደርሰው ሥራ በአቅሙ ልክ ሲሆን ብቻ ነው። ያንን ልክ የሚጠብቀው የመጀመሪያው ነው፤ የመጀመሪያው ሲወድቅ ሁለቱም ይወድቃሉ።

ሻፐር በ1993 ቁጥሮቹን በሥርዓት አስቀመጠ። ፖሊመሬዙ ፊደል ሲመርጥ ብቻ ከሁለት መቶ ሺህ እስከ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ አንድ ይሳሳታል። እርማቱ ያንን ከ40 እስከ 200 እጥፍ ይቀንሰዋል። ጥገናው ደግሞ ከ20 እስከ 400 እጥፍ። መካከለኛ ቁጥር ወስደን እናስላው። ከአምስት መቶ ሺህ ፊደል አንዱ ቢሳሳት፣ የኢ. ኮላይ ሙሉ ቅጂ ወደ ዘጠኝ ስህተት ይኖረዋል። እርማቱ በመቶ ሲያካፍለው ከአሥራ አንድ ቅጂ አንዱ ብቻ ስህተት ይይዛል። ጥገናው ዳግም በመቶ ሲያካፍለው ከሺህ በላይ ቅጂ ውስጥ አንድ ስህተት ይቀራል። በ2012 የፓትሪሺያ ፎስተር ቡድን በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ለሺዎች ትውልድ ያራቡትን የኢ. ኮላይ ሙሉ ዲኤንኤ አንብቦ ያገኘው ከአንድ ሺህ ቅጂ አንድ ስህተት ያህል ነው። ሒሳቡና ንባቡ ተገናኙ።

ሁለቱ አራሚዎች የሚያዩትም አንድ ዓይነት ስህተት አይደለም። አዴኒንን ከጓኒን ጋር እንደ ማጣመር ያለ ጎላ ያለ ዝንፈት በአብዛኛው የሚያዘው በመጀመሪያው አራሚ ነው። የጓኒንና የቲሚን ጥንድ ቀረብ ያለ ገጠም ስለሆነ ከእርማቱ ያመልጣል፤ ጠጋኙ ግን ይወደዋል። ከሁሉ በላይ ጠጋኙ ብቻውን የሚጠብቀው አንድ አካባቢ አለ። አንድ ፊደል ደጋግሞ በተጻፈበት ቦታ፣ ለምሳሌ አሥር አዴኒን በተደረደሩበት፣ አዲሱ ክር ሊንሸራተትና አንድ ፊደል ሊዘል ወይም ሊደግም ይችላል። ትርፉ ፊደል ከጫፉ ርቆ ወደ ጎን አብጦ ይቀመጣል። ጫፉ በትክክል ስለገጠመ የመጀመሪያው አራሚ ምንም ነገር አያይም።

ይህ ነጥብ በ1993 ወደ ሰው ሕክምና ገባ። በዚያ ዓመት ሦስት ቡድኖች አንዳንድ የትልቁ አንጀት ዕጢዎች በዲኤንኤያቸው ውስጥ ያሉት ድግግሞሽ ቦታዎች በሺዎች ተዛብተው እንደሚገኙ አስታወቁ። ቶማስ ፔትስና ባልደረቦቹ ደግሞ እርሾ ላይ የጥገና ጂኖችን ቢያጠፉ እንደዚሁ ዓይነት መዛባት እንደሚመጣ አሳዩና ሰዎቹም ያጡት ይህንኑ ጥገና ሳይሆን አይቀርም አሉ። በታኅሣሥ ወር ሁለት ቡድኖች በአንድ ጊዜ የሰውን የሙት-ኤስ ዘመድ፣ ኤም-ኤስ-ኤች-2ን፣ አገኙ፤ በዘር የአንጀት ካንሰር በሚያጠቃቸው ቤተሰቦች ውስጥም ተበላሽቶ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት የሙት-ኤል ዘመድ ኤም-ኤል-ኤች-1 ተከተለ። በ1993 በእርሾ ላይ የተደረገ ሌላ ሥራ ሁለቱን አራሚዎች አንድ ላይ ማጥፋት ምን እንደሚያስከትል አሳየ፤ አንድ ቅጂ ዲኤንኤ ያለው እርሾ በስህተት ብዛት ይሞታል።

የሰዎቹ ታሪክ ቀድሞ የተጻፈ ነበር። በ1895 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለፓቶሎጂስቱ ለአልድረድ ዋርቲን አንዲት ልብስ ሰፊ ሴት ቤተሰቧ ሁሉ በሆድና በማህፀን ካንሰር እያለቀ እንደሆነና እሷም በዚያው እንደምትሞት ነገረችው። እንዳለችውም ሞተች። ዋርቲን በ1913 የዘመዶቿን ታሪክ አሳተመ፤ ሄንሪ ሊንች ኋላ ተከታተለው፤ በሽታውም ዛሬ በሊንች ስም ይጠራል። በ2000 በዚያው ቤተሰብ ደም ውስጥ የተበላሸ ኤም-ኤስ-ኤች-2 ተገኘ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ልጅ አንድ የተበላሸና አንድ ደህና ቅጂ ይዞ ይወለዳል፤ አንዱ ደህና ስለሚበቃ ምንም አይታወቅም። ዓመታት አልፈው በአንጀት ግድግዳ ላይ ባለ አንድ ሴል ውስጥ ደህናው ቅጂ ሲጠፋ ያ ሴል ሁለተኛውን አራሚ ያጣል። ከዚያ በኋላ ድግግሞሽ ያለባቸው ጂኖች ተራ በተራ ይሰበራሉ። ሳንፎርድ ማርኮዊትዝና ባልደረቦቹ በ1995 አንዱን አገኙ፦ የሴልን መባዛት የሚገታ ምልክት የሚቀበል ፕሮቲን ጂን በመሐሉ አሥር አዴኒን ተከታትለው ይገኙበታል። አንድ አዴኒን ሲጎድል ከዚያ በኋላ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ትርጉም ያጣል፤ ሴሉም «ቁም» የሚለውን ትእዛዝ አይሰማም።

የመጀመሪያው አራሚስ? የእሱ ብልሽት በሰው ልጅ ላይ የታወቀው በ2013 ነው። የኢያን ቶምሊንሰን ቡድን ፖል-ኢ የተባለው የሰው ፖሊመሬዝ በነቃይ ክፍሉ ላይ አንድ ፊደል የተለወጠባቸው ቤተሰቦች በወጣትነታቸው የአንጀት ዕጢ እንደሚይዛቸው አሳየ። ዕጢዎቹን ለመለየት አንድ ጥሩ ምልክት አለ፤ ድግግሞሽ ቦታዎቹ በአብዛኛው ደህና ናቸው፣ ምክንያቱም ጠጋኙ አለ፤ የነጠላ ፊደል ልውውጥ ግን እጅግ ብዙ ነው።

በ2015 ደግሞ ከካናዳ የተመራ ቡድን የሁለቱም አራሚዎች ውድቀት በሕፃናት ላይ ምን እንደሚያደርግ አሳየ። ልጆቹ ከአባትም ከእናትም የተበላሸ የጥገና ጂን ወርሰዋል፤ በአንጎላቸው ዕጢ ውስጥ ደግሞ የፖሊመሬዙ ነቃይ ተጨምሮ ተበላሽቷል። በእነዚህ ዕጢዎች በእያንዳንዱ ሚሊዮን ፊደል ከ250 በላይ ስህተት ተቆጠረ። እንደ ሙት-ዲ-5 ሁሉ ሁለቱም ሲጠፉ ጉዳቱ በአንዴ ይዘረገፋል።

ሞድሪች በ2015 ከቶማስ ሊንዳልና ከአዚዝ ሳንካር ጋር የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት ተካፈለ። በግንቦት 2017 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ፔምብሮሊዙማብ የተባለውን መድኃኒት ጥገናቸው ለጠፋ ዕጢዎች ሁሉ ፈቀደ፤ ስህተት የበዛበት ዕጢ ባዕድ ፕሮቲን ስለሚያፈራ የሰውነት መከላከያ ይለየዋል። ባለሥልጣኑ ዕጢው የተነሣበትን የአካል ክፍል ሳይጠይቅ፣ የተሰበረውን የዲኤንኤ ጥገና ብቻ አይቶ የካንሰር መድኃኒት ሲፈቅድ ይህ የመጀመሪያው ነበር።